ጌም ፕሪኦርደር ከሀዋሳ ሆኖ፦ ብሩ የት ይሄዳል፣ ቦነሱ ምንድነው፣ እስከ መቼስ ይሰረዛል

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ሀዋሳ ያሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ ወሬው ሁሉ አንድ ነው፣ አዲሱ ፊፋ መቼ ነው ሚወጣው፣ አልቲሜቱን የገዛ ስንት ቀን ቀድሞ ይጫወታል፣ ኮድ ሚሸጠው ልጅ ዘንድሮ በስንት ያመጣዋል ምናምን። ስሙ ኤፍሲ ከሆነ ቆይቷል ግን ያው እኛ ጋ ፊፋ ነው። እና ሁሌም ማየው ነገር ሰው ቦነሱን ጥርት አድርጎ ያውቃል፣ የትኛው ተጫዋች እንደሚሰጥ ስንት ፖይንት እንዳለው ሁሉ ይነግራችኋል፣ ሀሳቤን ብቀይር እስከ ስንት ቀን መሰረዝ እችላለሁ፣ ብሩስ ተመልሶ ማን ጋ ነው ሚገባው ስትሉት ግን ዝም ይላል። እዚህ ማወራው በዋናነት ስለዚ ነው። ዲስክ ሳይሆን በዲጂታል ስለሚገዛው፣ በስቲም እና በፕሌይስቴሽን ስቶር። ምሳሌዬ ደሞ FC 25 ነው፣ ምክንያቱም ቀኖቹ ሁሉ አልፈዋል፣ ስለዚ ቀን በቀን መቁጠር ይቻላል።

መጀመሪያ፣ ፕሪኦርደር ስታደርጉ ምን እየገዛችሁ ነው

ስቲም ላይ ገና ያልወጣ ጌም ገፅ ስትከፍቱ Pre-Purchase የሚል ነገር ታገኛላችሁ። እሱን ተጭናችሁ ከከፈላችሁ ብሩ እዛው በዛው ይቆረጣል፣ ጌሙ ሲወጣ አይደለም። ጌሙ ሁለት ወር ቀርቶት ከሆነ ዶላራችሁ ሁለት ወር እዛ ይቀመጣል። በምላሹ ምታገኙት ጌሙ ላይብረሪያችሁ ውስጥ ተቆልፎ መቀመጡን ነው፣ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ይከፈታል።

ብዙ ጌሞች ከመውጣታቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ፋይሉን እንድታወርዱ ይፈቅዳሉ፣ ፕሪሎድ ሚባለው እሱ ነው። ፋይሉ ይወርዳል ግን የተመሰጠረ ነው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ አይከፈትም። እኛ ጋ ይሄ ነገር ከቦነሱ ሁሉ በላይ ሚጠቅም ሊሆን ይችላል፣ FC 25 ለፒሲ 100 ጊጋ ባይት ቦታ ነበር ሚጠይቀው፣ ያንን በአንድ ቀን አወርዳለሁ ብሎ ሚያስብ ሀዋሳ ላይ ኢንተርኔት ተጠቅሞ ማያውቅ ሰው ነው። ሌሊት ሌሊት እየጫናችሁ በሶስት በአራት ቀን መጨረስ ነው ያለው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጌሙን ብትሰርዙ ስቲም የጌሙን ዋጋ ይመልሳል እንጂ ያቃጠላችሁትን ፓኬጅ ማንም አይመልስላችሁም። ስለዚ እገዛዋለሁ አልገዛውም እያላችሁ ምታመነቱ ከሆነ ፕሪሎዱን አትንኩት።

ጌሙ ቢራዘምስ? ኦርደራችሁ እንዳለ ይቆያል፣ የመሰረዣ ጊዜውም ከአዲሱ ቀን ጋር አብሮ ይገፋል። ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም፣ ካልፈለጋችሁም መሰረዝ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት፣ ብሩ ቢመለስ ማን ጋ ነው ሚገባው

ይሄንን ከቦነሱ በፊት ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ካርዱን አስገብቶ ይገዛል፣ ሰርዞ ካርዱ ላይ ይመለስለታል፣ አለቀ። እኛ ጋ መደበኛው የብር ካርድ እነዚህ ስቶሮች ላይ አይሰራም፣ ስለዚ ብዙው ሰው ሚገዛው በሌላ መንገድ ነው፣ እንደ መንገዱ ደሞ ሪፈንዱ ሚሄድበት ቦታ ይለያያል።

አንደኛው በጊፍት ካርድ ዋሌታችሁን ሞልታችሁ ከዛ መግዛት ነው። እንዲህ ከገዛችሁ ስትሰርዙ ብሩ ሚመለሰው ዋሌቱ ውስጥ ነው። ወደ ብር፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ቴሌብር ሚባል ነገር የለም፣ ዋሌት ውስጥ የገባ ዶላር ሌላ ጌም ይገዛል እንጂ አይወጣም። ይሄ መጥፎ አይደለም፣ እንዳውም ለኔ ከሁሉም ንፁህ መንገድ ይሄ ነው፣ ብቻ "ብሰርዘው ብሬን አገኛለሁ" ብላችሁ እንዳታስቡ። ፕሌይስቴሽን ላይ ደሞ ካርዱ አካውንቱ ከተከፈተበት ሀገር ጋር መግጠም አለበት። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ስቶር ስለሌላት ሁላችንም የአሜሪካ ወይ የእንግሊዝ ወይ የኤምሬትስ አካውንት ነው ያለን፣ የአሜሪካ ካርድ የእንግሊዝ አካውንት ላይ አይገባም፣ ኮዱን ከመግዛታችሁ በፊት አካውንታችሁ የየት ሀገር እንደሆነ እዩ።

ሁለተኛው ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልላችሁ ማድረግ ነው። ወንድማችሁ የካርድ ቁጥሩን ሰጥቷችሁ እናንተ አካውንት ላይ ከከፈላችሁ፣ ስትሰርዙ ስቲም ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፣ ወደ ዋሌት ወይስ ወደተከፈለበት ካርድ። ካርዱን ከመረጣችሁ ወንድማችሁ ጋ ነው ሚመለሰው። ጊፍት አድርጎ ልኮላችሁ ከሆነ ደሞ፣ ጊፍቱን ተቀብላችሁም እንኳን ሪፈንድ ጠያቂው እናንተ ናችሁ፣ ብሩ ግን ለላከው ሰው ነው ሚሄደው። እዚህ ላይ የቤተሰብ ፀብ ሲነሳ አይቻለሁ፣ እዚህ ብሩን ለእናትየው ከፍሎ ዶላሩ እዛ ለልጅየው ሲመለስ ማለት ነው። ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሶስተኛው በቴሌግራም ከሚሸጡ ልጆች መግዛት ነው፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሚሸጡት ሁለት አይነት ነገር ነው። አንዱ ኮድ ነው፣ ስቲም ላይ አስገብታችሁ ምትከፍቱት። ከስቲም ውጪ የተገዛ ኮድን ስቲም ሪፈንድ አያደርግም፣ ጌሙ ሳይወጣም ቢሆን፣ ከሻጩ ጋር ነው ጉዳያችሁ። ሌላው ሙሉ አካውንት ነው፣ "ፕሪኦርደር የተደረገበት አካውንት" ብለው ኢሜይልና ፓስወርድ ይሰጧችኋል፣ ፕሌይስቴሽን ላይ በብዛት እንዲህ ነው። አሁን አስቡት፣ ፕሪኦርደር እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ሊሰረዝ ይችላል፣ ዝርዝሩን ወደ ታች ታገኙታላችሁ፣ መሰረዝ ሚችለው ደሞ አካውንቱ በእጁ ያለ ሰው ነው። ማለትም ነሀሴ ላይ ብር ከፍላችሁ የወሰዳችሁትን አካውንት ልጁ ጳጉሜ ላይ ገብቶ ኦርደሩን ሰርዞ ዶላሩን ለራሱ መመለስ ይችላል፣ እናንተም ምታውቁት ጌሙ በወጣ ቀን ማታ ነው። የወጣ ጌም ያለበት አካውንት መግዛት ራሱ አደጋ አለው፣ ያልወጣ ጌም ያለበትን መግዛት ግን ጭራሽ አይመከርም። የግድ ከሱ ከሆነ ምትገዙት ክፍያውን ጌሙ ሲከፈት አድርጉት፣ ካልተስማማ ተዉት።

ቦነሱ

ቦነስ ሲባል ሰው ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ይደባልቃል። አንዱ ቀድሞ ለከፈለ ብቻ ሚሰጥ ነው፣ ጌሙ ከወጣ በኋላ ስታንዳርዱን ለገዛ ማይደርስ። ሁለተኛው ውዱ ኤዲሽን ውስጥ ያለ ነው፣ ዴሉክስ ወይ አልቲሜት ሚባለው፣ እሱ ጌሙ ከወጣ በኋላም በዛው ዋጋ ይሸጣል። የስቶር ገፁ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ዝርዝር ተደርድረው ነው ሚቀመጡት፣ ሁሉም ነገር ሊያመልጣችሁ ያለ እንዲመስል። ስለዚ ዝርዝሩን ስታነቡ እያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ይሄንን ከወጣ በኋላ ብገዛ አገኘዋለሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ እሱ ዛሬ ለመክፈል ምክንያት አይሆንም።

ቀድሞ ለከፈለ ብቻ ሚሰጠው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ልብስ፣ የመሳሪያ ቀለም፣ አንድ ሁለት ጅምር ላይ ሚያግዝ እቃ፣ እንደ ፊፋ አይነት ላይ ደሞ ለሌላ ሰው ማይሸጥ የተጫዋች ካርድ። ካርዶቹ መጀመሪያ ሁለት ሶስት ሳምንት ይጠቅማሉ፣ ከዛ ጨዋታው ራሱ የተሻለ ካርድ እያወጣ ያስረጃቸዋል። ልብሱ ያው ልብስ ነው። አንዳንዱ ላይ ዲጂታል የስዕል መፅሀፍና የጌሙ ሙዚቃ ይጨመራል፣ ማነው ሚከፍተው አላውቅም ግን አለ።

ውዱ ኤዲሽን ውስጥ ያለው ግን ዋጋ ያለው ነገር ሊሆን ይችላል፣ ከወጣ በኋላ ሚመጡ ዲኤልሲዎች፣ የጌም ውስጥ ብር፣ እና ቀድሞ መጫወት። FC 25 ላይ ስታንዳርዱ 69.99 ዶላር አልቲሜቱ 99.99 ዶላር ነበር። በ30 ዶላር ልዩነት ዋና ዋናዎቹ 4600 ኤፍሲ ፖይንት እና 7 ቀን ቀድሞ መጫወት ነበሩ። አልቲሜት ቲም ለሚጫወት ሰው ፖይንቱን ለብቻው ገዝቶ ሊያወጣው ከነበረው ብር አንፃር ስሌቱ ሊያስኬድ ይችላል። ካሪየር ሞድ ብቻ ለሚጫወት ወይ ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ለሁለት ለሚገጥም ሰው ግን ፖይንቱ ምንም አይሰራለትም፣ 30 ዶላሩን የከፈለው ለ7 ቀን ነው ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ላለው ደሞ ሌላ ሂሳብ ነው፣ አቶቴ አካባቢ ቤት ያለው አንድ ልጅ እንዳለኝ ሰፈሩ ውስጥ አዲሱን ቀድሞ ያስገባ ቤት የዛን ሳምንት ደንበኛ ሁሉ ይወስዳል፣ ለሱ 7 ቀኑ ብር ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቀድሞ ለመጫወት ብቻ ከሆነ ሌላ መንገድም አለ፣ EA Play ሚባለው ወርሃዊ ክፍያ ያለው ሰው ፊፋን ሚሰራውን የEA ኩባንያ አዳዲስ ጌሞች ለ10 ሰዓት መሞከር ይችላል፣ ከአልቲሜቱ 30 ዶላር በጣም ያነሰ ነው፣ ሞክሮ ካልወደደው ደሞ ሪፈንድ ሚባል ጣጣ ውስጥ አይገባም። እኔ ሚያመነታ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ምለው ይሄንን ነው።

ቦነሱ የራሱ የጊዜ ገደብ ሊኖረውም ይችላል። አንዳንዱ ቦነስ ጌሙ ከመውጣቱ ከአንድ ወር በፊት ለከፈለ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ፕሪኦርደር ብታደርጉም አታገኙትም። በትናንሽ ፊደል ከታች የተፃፈውን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ "እስከዚህ ቀን"፣ "በዚህ ፕላትፎርም ብቻ"፣ "እስከዚህ ቀን ካልገባችሁ ይቃጠላል" ሚሉት ሁሉ እዛ ናቸው።

ኩባንያዎች ቦነስን እስከምን ድረስ ሊወስዱት እንደሚችሉ ማየት ለሚፈልግ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. Deus Ex: Mankind Divided ሚባለው ጌም ፕሪኦርደር ያደረገው ሰው ቁጥር በጨመረ ቁጥር አዲስ አዲስ ቦነስ ሚከፈትበት ዘዴ አምጥቶ ነበር፣ የመጨረሻው ደረጃ ጌሙን 4 ቀን ቀድሞ መልቀቅ ነበር፣ በየደረጃው ደሞ ካሉት ውስጥ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ነው ምትወስዱት። ሰው በጣም ተቆጣ፣ በዛው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ሁሉንም ቦነስ ለሁሉም እንሰጣለን ብሎ ዘዴውን ተወው።

ሲወጣ ቦነሳችሁ ካልታየ አትደንግጡ። ስቲም ላይ ላይብረሪ ውስጥ ጌሙን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ Properties ከዛ DLC ስትሉ ቦነሱ ተዘርዝሮ ምልክት ተደርጎበት መታየት አለበት፣ እዛ ካለ መምጣቱ አይቀርም፣ አንዳንዱ ጌም መጀመሪያ የሆነ ደረጃ ላይ ካልደረሳችሁ አያሳየውም። ፕሌይስቴሽን ላይ ሴቲንግ ውስጥ Restore Licenses ሚል አለ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ያስተካክለዋል። ጌሙን ሪፈንድ ካደረጋችሁ ደሞ ቦነሱም አብሮ ይሄዳል፣ ልብሱን ይዤ ብሬን ልውሰድ ሚባል ነገር የለም።

ሶስቱ ቀኖች፣ ስቲም ላይ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። አንድ ልጅ ነሀሴ 9 ቀን 2016 ላይ ስቲም ላይ FC 25 አልቲሜት ገዛ እንበል፣ በፈረንጅ ኦገስት 15፣ 2024። አልቲሜት ለገዙ ሚከፈተው ሴፕቴምበር 20 ነበር፣ መስከረም 10። ለሁሉም ሚወጣው ሴፕቴምበር 27፣ መስከረም 17፣ ማለትም የመስቀል ዕለት። ወደኛ አቆጣጠር እየለወጣችሁ ስልካችሁ ላይ ፃፉት፣ የቀን መደባለቅ ብቻ ሪፈንድ ያስመለጠው ሰው አለ።

ከነሀሴ 9 እስከ መስከረም 10 ድረስ ልጁ በፈለገው ሰዓት ያለምንም ምክንያት መሰረዝ ይችላል። ለወጣ ጌም ስቲም ብር ሚመልሰው በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቃችሁና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ነው፣ ላልወጣ ጌም ግን 14 ቀን አለፈህ ሚለው የለም፣ የስቲም ህግ ፕሪኦርደር ያደረገ ሰው ጌሙ እስኪወጣ መቼም መጠየቅ ይችላል ነው ሚለው። ፕሪሎድ ቢያወርድም ችግር የለውም፣ ስቲም ሚቆጥረው ማውረድን ሳይሆን መጫወትን ነው።

ከመስከረም 10 እስከ 17 ያለው ሳምንት ነው ሰውን ሚሸውደው። ጌሙ በይፋ አልወጣም፣ ስለዚ አሁንም ፕሪኦርደር ላይ ነኝ ብሎ ያስባል። ድሮ እውነትም ክፍተት ነበር፣ ሰው በቅድሚያ መጫወቻው ጊዜ አስር ሃያ ሰዓት ተጫውቶ ሳይወጣ ሪፈንድ ይጠይቅ ነበር። በሚያዝያ 2016፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 2024 ላይ ስቲም ይሄንን ዘጋው። አሁን በቅድሚያ የተጫወታችሁት ሰዓት ሁሉ በ2 ሰዓቱ ገደብ ውስጥ ይቆጠራል፣ ቤታ ቴስት ብቻ ነው ማይቆጠረው። ስለዚ ልጁ መስከረም 10 ማታ ገብቶ ሶስት ሰዓት ከተጫወተ ይፋዊው ቀን ገና ሳምንት ቢቀረውም የመሰረዝ መብቱ አልቋል። አልቲሜት ስትገዙ እንግዲህ ቀድሞ መጫወትን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ሚያልቅ የመሰረዣ ጊዜንም አብራችሁ ገዝታችኋል።

በተቃራኒው ልጁ ጭራሽ ካልተጫወተ፣ ወይ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ 14 ቀኑ መቆጠር ሚጀምረው ይፋ ከሆነበት መስከረም 17 ነው። ማለትም እስከ ጥቅምት 1 ድረስ ጊዜ አለው። እኔ ብሆን ግን የመጨረሻዋን ቀን አልጠብቅም፣ ሁለት ሶስት ቀን አስቀድሜ እጨርሳለሁ፣ ኔትወርክ ወይ መብራት በዛ ቀን ቢጠፋ ማንም አይሰማችሁም።

2 ሰዓቷ ላይ አንድ ነገር። ስቲም ሚቆጥረው ጌሙ ተከፍቶ የቆየበትን ጊዜ ነው፣ ኳስ የተጫወታችሁበትን አይደለም። ሜኑ ላይ ከፍታችሁት ምሳ ብትበሉ ይቆጥራል፣ የኩባንያው ላውንቸር ተከፍቶ አካውንት አገናኙ እያለ ሲያንገላታችሁ ይቆጥራል። ጌሙ ፒሲያችሁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ግራፊክስ እየቀነሳችሁ እየጨመራችሁ ሰዓቱን አትጨርሱት፣ አርባ ደቂቃ ላይ ካልተስተካከለ ዝጉትና ውጪ ሆናችሁ አስቡበት፣ ምን ያህል እንደተቆጠረባችሁ ላይብረሪው ላይ ይታያል።

ሌላ ደሞ የሰዓቱ ነገር፣ ፈረንጅ "ሴፕቴምበር 27 ይወጣል" ሲል የማን ሴፕቴምበር 27 ነው? ስቲም ላይ ብዙ ጌም ሚከፈተው በምዕራብ አሜሪካ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ በነሱ አቆጣጠር። ያ እኛ ጋ በነሱ በጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ሁሉም ጌም እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም፣ የጌሙ ገፅ ላይ ስንት ሰዓት ቀረው ሚል ከተፃፈ እሱን እመኑ።

ፕሌይስቴሽን ላይ ህጉ ይለያል

ስቲም ላይ የለመደ ሰው ፕሌይስቴሽን ላይ ሚሳሳተው እዚህ ነው። እዛ 2 ሰዓት ሞክር ሚባል ነገር የለም፣ ወሳኙ ማውረድ ነው። ከወጣበት ቀን 14 ቀን በላይ ቀደም ብላችሁ ፕሪኦርደር ካደረጋችሁ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። ሊወጣ ከ14 ቀን በታች ቀርቶት ከገዛችሁ ደሞ ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ 14 ቀን አላችሁ፣ ግን ዋናውን ጌም ማውረድ ወይ ስትሪም ማድረግ ካልጀመራችሁ ብቻ ነው። ጀመራችሁ ማለት አንድ ፐርሰንትም ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ኮንሶሉ ራሱ ማውረድ ቢጀምርስ? እሱ ነው ጣጣው። ፕሪኦርደር ሲደረግ በራሱ እንዲያወርድ ሚያዝ ምርጫ አለ፣ እሱ በርቶ ኮንሶሉን ሬስት ሞድ ላይ ትታችሁ ተኝታችሁ ስትነሱ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ለወሰነ ሰው ጥሩ ነገር ነው፣ ላልወሰነ ሰው ግን ኦርደር ባደረገበት ቀን ነው ማጥፋት ያለበት፣ ሊወጣ ሲል አጠፋዋለሁ ካለ ይረሳዋል። ቅድሚያ መጫወቻ ያለው ኤዲሽን ከሆነ ደሞ እንደኔ እንደኔ የመሰረዣው የመጨረሻ ቀን አርጋችሁ ያዙት የቅድሚያውን ቀን እንጂ የይፋውን አይደለም፣ ለመጫወት ማውረድ አለባችሁ፣ ካወረዳችሁ ደሞ አለቀ።

ስለዚ ያው FC 25ን ነሀሴ 9 የገዙ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ስቲም ላይ አንዱ ፕሌይስቴሽን ላይ፣ ሁለቱም መስከረም 10 ማታ አንድ ሰዓት ተጫውተው ቢጠሉት፣ የስቲሙ ብሩን ያስመልሳል፣ የፕሌይስቴሽኑ አያስመልስም።

መቼ ነው መወሰን ያለባችሁ

ሪቪው ብዙ ጊዜ ጌሙ ከመውጣቱ ጥቂት ቀን በፊት ይወጣል፣ የተገመገመበት ኮንሶል እናንተ ጋ ያለው መሆኑን ግን አረጋግጡ። Cyberpunk 2077 ዲሴምበር 10፣ 2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኩባንያው 8 ሚሊዮን ፕሪኦርደር እንደነበረው አስታውቆ ነበር። ቀድመው የወጡት ሪቪዎች የፒሲውን ነበር ያዩት፣ የPS4ቱን ማንም ቀድሞ አልተሰጠውም ነበር። PS4 ላይ የገዛው ሰው ቀርቶ እያጋነኑ ነው ሲል የነበረውም አፈረ፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሶኒ ጌሙን ከስቶሩ አንስቶ ላወረደውም ጭምር ሙሉ ሪፈንድ ሰጠ። እንዲህ አይነት ነገር ግን ሁሌ አይሆንም፣ እዛ ላይ ተማምኖ መግዛት አይቻልም። ሪቪው እስኪወጣ ጠብቁ፣ እናንተ ኮንሶል ላይ የተቀረፀ ቪዲዮ ከሌለ በዛው ቀን ሰርዙ፣ ቦነሱ ይቅርባችሁ።

እኛን በተለይ ሚመለከት ሌላም አለ። Ghost of Tsushima ሜይ 2024 ላይ ለፒሲ ሊወጣ ሲል የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በሌለባቸው ሀገሮች ከስቲም ተነሳ፣ በነዛ ሀገሮች ፕሪኦርደር ላደረጉም ብራቸው ተመለሰላቸው። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚ የሶኒ ጌም ስቲም ላይ ስታዩ ገፁ ላይ የፕሌይስቴሽን አካውንት ይፈልጋል ይላል ወይ ሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ።

መሰረዙ ራሱ

ስቲም ላይ help.steampowered.com ትገባላችሁ፣ Purchases ውስጥ ጌሙን ትመርጣላችሁ፣ ሪፈንድ እፈልጋለሁ ሚለውን ትጫናላችሁ፣ ወደ ዋሌት ወይስ ወደ ካርድ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ምክንያት መርጣችሁ ትልካላችሁ። ምክንያቱ አጭር ቢሆንም ችግር የለውም። ኢሜይል ይመጣላችኋል፣ ከተፈቀደ በኋላ ብሩ እስከ አንድ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ ከውጭ ካርድ ከሆነ ከዛም ሊዘገይ ይችላል፣ ዘመዳችሁን "አልገባም?" እያላችሁ በየቀኑ አታጨናንቁት። ዋሌት ፈጠን ይላል። ፕሌይስቴሽን ላይ ከሆነ በብሮውዘር ወደ ሰፖርት ገፁ ገብታችሁ ነው ምትጠይቁት፣ አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይልና ልደት አዘጋጁ፣ አካውንት ስትከፍቱ የውሸት ልደት አስገብታችሁ ከረሳችሁት እዚህ ላይ ነው ሚያስቸግራችሁ።

ዋጋው ከገዛችሁ በኋላ ቢቀንስ ሰርዛችሁ መልሳችሁ መግዛት ይቻላል፣ ስቲም ይሄንን እንደ ማጭበርበር አይቆጥረውም። ቀድሞ ለከፈለ ብቻ የነበረው የቦነስ ቀን ካለፈ ግን መልሳችሁ ስትገዙ አታገኙትም፣ ሁለቱን አመዛዝኑ። በየሳምንቱ እየገዙ መመለስ ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ ስቲም ሪፈንድ ጌም በነፃ መሞከሪያ አይደለም ብሎ ግልፅ አርጎ ፅፏል፣ ካበዛችሁት ሊከለክላችሁ ይችላል።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ መጀመሪያ ስቲም ላይ የተቆጠረውን ሰዓት እዩ፣ ከ2 በታች ከሆነና 14 ቀኑ ካላለፈ ድጋሚ ጠይቁ፣ ቀኑን ከነሰዓቱ ፅፋችሁ። ከ2 ሰዓት ትንሽ ካለፈና ጌሙ ፒሲያችሁ ላይ አልከፍት እያለ ከነበረ እሱን ፃፉ፣ ከገደቡ ውጪ ያለውንም ቢሆን አይተው ሊፈቅዱ ይችላሉ፣ ግን ግዴታ የለባቸውም። አስር ሰዓት ከተጫወታችሁ ግን አትድከሙ።